ዳታቤዙ ሥራ ሳይበዛበት ኮኔክሽን የሚያልቅበት ለምንድን ነው?

ሎጉ ላይ የመጣው አንድ መስመር ነው።

```
FATAL: remaining connection slots are reserved for roles with the SUPERUSER attribute
```

ፖስትግሬስ ይህን ሲል "የቀሩት ቦታዎች ለአስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው፤ ለአንተ ቦታ የለም" ማለቱ ነው። ለአስተዳዳሪው የተያዙትም ቦታዎች ካለቁ መልእክቱ `sorry, too many clients already` ይሆናል። ያን ቀን መጀመሪያ ያየሁት የዳታቤዙን ሲፒዩ ነበር። ከ10 በመቶ አላለፈም። ሜሞሪውም ዲስኩም ደህና ነው። ሰርቨሩ ሥራ ፈት ሊባል ትንሽ ነው የቀረው፤ ግን አዲስ የመጣውን ሁሉ ሳያስገባ ይመልሳል። ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ሰዓት ፈጀብኝ። ሲገባኝ ግን ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ ቀድሞ ሊያየው የሚችል ነገር ነበር። ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳው።

ከኮኔክሽን እንጀምር። አፕሊኬሽናችን ዳታቤዙን አንድ ነገር ለመጠየቅ መጀመሪያ መስመር መክፈት አለበት። ኔትወርኩ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ምስጠራ ካለ ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጣራል። ከዚያ ፖስትግሬስ ለዚያ አንድ ኮኔክሽን ብቻ አንድ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ይፈጥራል። ፕሮሰሱ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ስለ ቴብሎቹም የሚያውቀውን ነገር የሚይዝበት የራሱ ማስታወሻ አለው። ይህ ሁሉ ሆኖ ኩዌሪው ራሱ 2 ሚሊሰከንድ ብቻ ሊወስድ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ኮኔክሽን ከፍቶ መዝጋት ማለት ከሥራው ይልቅ ለመግቢያው የበለጠ መክፈል ማለት ነው።

ፑል የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። አፕሊኬሽኑ ጥቂት ኮኔክሽኖችን ከፍቶ ያስቀምጣል። ጥያቄ ሲመጣ አንዱን ይዋሳል፤ ሲጨርስ ሳይዘጋ ይመልሰዋል። ሁሉም ከተያዙ ደግሞ አዲስ የመጣው ጥያቄ ወረፋ ይጠብቃል። ፑሉ እንግዲህ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የመክፈቻውን ወጪ ያስቀራል፤ "ከዚህ ቁጥር አናልፍም" የሚል ገደብም ያኖራል። ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኔም ረስቼው ነበር።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። ያ ገደብ የማን ገደብ ነው? የአንድ ፕሮሰስ ነው። ፑሉ የሚኖረው በአፕሊኬሽኑ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ጎኑ ሌላ ኢንስታንስ፣ ማለትም የዚያው አፕሊኬሽን ሌላ ቅጂ፣ ይኑር አይኑር አያውቅም። ዘጠኝ ኢንስታንስ ካለ ዘጠኝ ፑል አለ፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይመካከርም። ድምሩን የሚሸከመው ዳታቤዙ ብቻ ነው። ዳታቤዙ ደግሞ ኮኔክሽኑ ከየትኛው ፑል እንደመጣ አይጨነቅም። ይቆጥራል፤ ሲሞላ ይመልሳል።

የእኛን ቁጥሮች እንያቸው። አፕሊኬሽኑ በጃቫ የተጻፈ ነው፤ ፑሉ ሂካሪ ነው። ሂካሪ ምንም ካልነካነው እስከ 10 ኮኔክሽን ይይዛል። ሥራ ባይኖርም አስሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ፖስትግሬስ በበኩሉ ምንም ካልነካነው `max_connections` 100 ነው። ከዚያ ላይ ሦስቱ ለአስተዳዳሪ ይያዛሉ። ለአፕሊኬሽን የሚቀረው 97 ነው።

ሥራ ስንጀምር 4 ኢንስታንስ ነበረን። 4 በ10 ሲባዛ 40 ነው። ማንም ስለ ኮኔክሽን አላሰበም፤ ማሰብም አላስፈለገውም። ተጠቃሚ ሲጨምር ኢንስታንሶቹን ወደ 9 አሳደግናቸው። 90 ሆነ። አሁንም ሁሉ ነገር ይሠራል። ቀጥሎ ጥያቄ ሲበዛ ኢንስታንስ በራሱ እንዲጨምር አደረግን፤ ጣሪያውንም 20 አልነው። ያን ጊዜ 20 በ10 ስንት እንደሆነ ከመካከላችን የጠየቀ የለም።

አንድ ቀን ጥያቄ በዛና ቁጥሩ ወደ 12 ወጣ። 12 በ10 ሲባዛ 120 ነው፤ ያለው ቦታ 97። አስረኛው ኢንስታንስ ሲነሳ የቀሩትን 7 ቦታዎች ወሰደ። አስር ይፈልግ ነበር፤ ግን በሰባቱም መሥራት ስለሚችል ሥራውን ጀመረ። አስራ አንደኛውና አስራ ሁለተኛው አንድም አላገኙም። የእኛ አፕሊኬሽን ሲነሳ ቢያንስ አንድ ኮኔክሽን ካላገኘ ይወድቃል። ኢንስታንሶቹን የሚያስተዳድርልን ኩበርኔቲስ ያነሳዋል፤ እንደገና ይወድቃል። ትንሽ ቆይቶ ያነሳዋል፤ እንደገና ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዌብሳይቱ አልተቋረጠም። ቀድሞ ኮኔክሽን የያዘ ሁሉ ያለ ችግር ሥራውን ይቀጥላል። የሚጎዳው አዲስ የሚመጣው ነው። ማታ የሚነሳው የሪፖርት ሥራ መግባት አቃተው። ዳታቤዙን ለማየት የሞከረ ባልደረባዬም ተመለሰ። በሆነ ምክንያት ተዘግቶ የተነሳ ኢንስታንስ ደግሞ ቦታውን ሌላ ወስዶበት ያገኘዋል። አስሩን ያላሟላው አስረኛው ኢንስታንስ የጎደሉትን ሦስት ለመሙላት ሁልጊዜ ይሞክራልና፣ የተለቀቀ ቦታ ሁሉ ወዲያው ይነጠቃል።

ችግሩን ስናውቅ መፍትሔው ቀላል መሰለን። የፑሉን መጠን ከ10 ወደ 4 እናውርድና ዲፕሎይ እናድርግ አልን። ዲፕሎዩ ቆመ። ለምን? አሠራራችን አዲሱ ኢንስታንስ ተነስቶ "ዝግጁ ነኝ" ሳይል አሮጌው እንዳይወርድ የሚያደርግ ነው። በአብዛኛው ጥሩ አሠራር ነው። አሁን ግን አዲሱ ለመነሳት ኮኔክሽን ይፈልጋል፤ ኮኔክሽኑ በሙሉ በአሮጌዎቹ ተይዟል፤ አሮጌዎቹ ደግሞ አዲሱ ካልተነሳ አይወርዱም። መድኃኒቱ በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው።

የፈታነው በእጅ ነው። ራሱ የሚጨምረውን አሠራር አጠፋነውና ኢንስታንሶቹን ወደ 7 አወረድናቸው። 70 ኮኔክሽን ብቻ ቀረ፤ 27 ቦታ ተከፈተ። ከዚያ ዲፕሎዩ አለፈ። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቦታ አስለቅቁ፣ ከዚያ አስተካክሉ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ በር ላይ ትቀራላችሁ።

ዳታቤዙ ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን እንደነበር ላሳያችሁ። ለአስተዳዳሪ የተያዙት ሦስት ቦታዎች ጥቅማቸው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ለዚህም ነው አፕሊኬሽን በአስተዳዳሪ ስም መግባት የሌለበት፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቦታዎችም ይበላቸዋል። በአስተዳዳሪ ስም ገብቼ ይህን ጠየቅሁ።

```sql
SELECT state, count(*)
FROM pg_stat_activity
WHERE backend_type = 'client backend'
GROUP BY state;
```

መልሱ እንዲህ ነበር።

```
        state        | count
---------------------+-------
 active              |     3
 idle                |    88
 idle in transaction |     7
```

በዚያች ቅጽበት ኩዌሪ እያሠሩ የነበሩት 3 ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ እኔው ነኝ፤ ይህን የምጠይቀው። 88ቱ ምንም አይሠሩም። ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ሲፒዩው ሥራ ፈት የሆነበት ምክንያት ይኸውና። ዳታቤዙ አልደከመም፤ የሞላው ባልተጠቀምንባቸው ኮኔክሽኖች ነው።

ከእኔ ሌላ የሚሠሩት 2 መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በስሌት ይገኛል። በአማካይ በሥራ ላይ ያሉት ኮኔክሽኖች ብዛት በሰከንድ የሚመጣው ጥያቄ አንዱ ጥያቄ ኮኔክሽን ይዞ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ ነው። የእኛ አፕሊኬሽን በሰከንድ ወደ 400 ጥያቄ ያስተናግዳል። እያንዳንዱ ዳታቤዙን የሚይዘው ለ5 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። 400 በ0.005 ሲባዛ 2 ነው። አማካይ ነውና አንዳንዴ 8 ይሆናል፤ አንዳንዴ 15። ግን 97 የሚያስፈልግበት ምንም ምክንያት አልነበረም። ሰው የፑል መጠን ሲመርጥ ብዙ ጊዜ በስሜት ነው፤ "10 ትንሽ ነው፣ 50 እናድርገው" ይላል። ይህ ማባዛት ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከገመትነው በጣም ያነሰ ነው።

ሰባቱ `idle in transaction` ለብቻቸው ይታዩ። እነዚህ ትራንዛክሽን ከፍተው፣ ኩዌሪ ሳያሠሩ፣ ሳይዘጉም የቆሙ ናቸው። እንደ 88ቱ የዋህ አይደሉም። ፑሉ ሊያበድራቸው አይችልም፤ የቆለፉት ረድፍ ካለም ሌላውን ያስጠብቃሉ። የእኛዎቹ ከየት እንደመጡ ስንፈልግ የክፍያው ኮድ ላይ ደረስን። ትራንዛክሽን ይከፍታል፤ ትዕዛዙን ይመዘግባል፤ ከዚያ ትራንዛክሽኑ እንደተከፈተ የውጭ የክፍያ አገልግሎት ይጠራል፤ መልስ ሲመጣ ይዘጋል። የውጭው አገልግሎት መልስ ለመስጠት 2 ሰከንድ ይወስዳል። በሰከንድ ሦስት ወይም አራት ክፍያ ይመጣል። በዚያው ስሌት 3.5 በ2 ሲባዛ 7። ልክ ያየናቸው ሰባቱ ናቸው።

አሁን የውጭው አገልግሎት አንድ ቀን ቢዘገይና መልስ ለመስጠት 20 ሰከንድ ቢፈጅበት ምን እንደሚሆን አስቡት። 70 ኮኔክሽን በክፍያ ብቻ ይያዛል። የእኛ ዳታቤዝ ምንም ሳይሆን፣ የእኛ ኮድ ሳይቀየር፣ ሌላ ሰው ዘገየ ተብሎ የእኛ ፑል ይደርቃል። ኮኔክሽን ይዞ ኔትወርክ ላይ መጠበቅ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ቀን ላይ ጨርሶ አይታይም። ኮዱን ለሁለት ከፈልነው። ትዕዛዙን "በሂደት ላይ" ብሎ መዝግቦ ትራንዛክሽኑን ይዘጋል። የውጭውን አገልግሎት ኮኔክሽን ሳይዝ ይጠራል። መልስ ሲመጣ በሌላ አጭር ትራንዛክሽን ውጤቱን ይጽፋል። በመሃል አፕሊኬሽኑ ቢወድቅ "በሂደት ላይ" ሆነው የቀሩትን የሚያጣራ ሥራ ማከል ያስፈልጋል፤ ያ ተጨማሪ ድካም ነው፤ ግን ይገባዋል። ለማንኛውም ብለን `idle_in_transaction_session_timeout` የሚለውንም ሞላነው። ትራንዛክሽን ከፍቶ ከተወሰነው ጊዜ በላይ የቆመውን ዳታቤዙ ራሱ ያቋርጠዋል።

እስካሁን አንድ ጥያቄ በአእምሯችሁ ሳይመላለስ አልቀረም። ለምን `max_connections`ን 1000 አናደርገውም?

ማድረግ ይቻላል። ትንሽ ከፍ ማድረግም አንዳንዴ ተገቢ ነው፤ ለመቀየር ዳታቤዙን አጥፍቶ ማስነሳት እንደሚጠይቅ ግን እወቁ። አደጋው ሌላ ነው። 1000 ቦታ ካለ አንድ መጥፎ ቀን ላይ 1000ውም በአንዴ ሥራ ይጀምራሉ። እያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ ነው፤ ሥራ ባይሠራም የተወሰነ ሜጋባይት ይይዛል። ሲሠራ ደግሞ ለመደርደር የሚፈቀድለት `work_mem` አለ። ምንም ካልነካነው 4 ሜጋባይት ነው። ይህ 4 ሜጋባይት ለአንድ ኮኔክሽን አይደለም፤ በአንድ ኩዌሪ ውስጥ ለሚደረግ ለእያንዳንዱ መደርደር ነው። አንድ ከባድ ኩዌሪ ብዙ እጥፉን ሊወስድ ይችላል። ይህ በ1000 ሲባዛ ሜሞሪው ያልቃል። ሜሞሪ ያለቀበት ዳታቤዝ ደግሞ "ቦታ የለም" ብሎ በትህትና አይመልስም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይገድለዋል።

ሜሞሪ ቢበቃም ሲፒዩው አለ። ሰርቨሩ 8 ኮር አለው እንበል። በአንድ ቅጽበት በትክክል የሚሠሩት 8 ፕሮሰሶች ናቸው። 200 ኩዌሪ በአንዴ መጣ፤ እያንዳንዱ 10 ሚሊሰከንድ የሲፒዩ ጊዜ ይፈልጋል። ጠቅላላው ሥራ 2000 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለ8 ሲካፈል 250 ሚሊሰከንድ። ሁሉንም በአንዴ ካስገባናቸው ኮሮቹ በየተራ ትንሽ ትንሽ እየነካኩ ያዳርሷቸዋል። ውጤቱ ሁሉም የሚጨርሱት ወደ 250ኛው ሚሊሰከንድ አካባቢ መሆኑ ነው። በተቃራኒው 16 ብቻ እያስገባን ሌሎቹን ወረፋ ብናስይዛቸው የመጀመሪያዎቹ በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይወጣሉ። የመጨረሻዎቹ አሁንም 250 ላይ ይጨርሳሉ፤ ግን አማካዩ በግማሽ ያህል ወረደ። ማንም አልተጎዳም፤ ብዙው ተጠቀመ።

እሱም ፕሮሰስ ከፕሮሰስ ሲቀያየር የሚባክነውን ጊዜ ሳንቆጥር ነው። ረድፍ መቆለፍን ስንጨምርበት ደግሞ ይብሳል። 200ው በአንዴ ሲገቡ እያንዳንዱ የቆለፈውን ረድፍ ይዞ ሩብ ሰከንድ ይቆያል። ያንን ረድፍ የሚፈልግ ሌላው ይጠብቃል፤ እሱም የያዘውን ይዞ። መጠበቅ መጠበቅን ይወልዳል። ስለዚህ ወረፋው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። አፕሊኬሽኑ ውስጥ የሚጠብቅ ጥያቄ ምንም አልቆለፈም፤ ዳታቤዝ ውስጥ የሚጠብቅ ግን ሌላውን ይዞ ይጠብቃል።

በሥራ ላይ ስንት ኮኔክሽን ይበቃል ለሚለው በፖስትግሬስ ሰዎች ዘንድ የቆየ የመነሻ ግምት አለ። የኮሩን ብዛት በ2 አባዝቶ የዲስኩን ብዛት መደመር ነው። 8 ኮር ላለው ሰርቨር 17 ወይም 18 አካባቢ ይሆናል። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ እየለኩ ማስተካከል ነው። ግን ቁጥሩ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ተመልከቱ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ለየት ያለው ነገር ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ፕሮሰስ ሳይሆን ትሬድ መፍጠሩ ነው። ይህ ቀለል ይላል። ምንም ካልተነካ ገደቡ 151 ነው፤ ሲሞላ `ERROR 1040 ... Too many connections` ይላል። የኢንስታንስና የፑል ማባዛቱ ግን አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ያደረግነው ይህን ነው።

```yaml
spring:
  datasource:
    hikari:
      maximum-pool-size: 4
      connection-timeout: 3000
```

4 ከየት መጣ? በ400 ጥያቄ ላይ 9 ኢንስታንስ ካለ ለአንዱ በሰከንድ 45 ያህል ይደርሰዋል። በ5 ሚሊሰከንድ ሲባዛ አንድ ኮኔክሽን እንኳ አይሞላም። ኩዌሪዎቹ በአስር እጥፍ ቢዘገዩ ወደ 2 ከሩብ ይደርሳል። 4 ለዚያም ይበቃል። ሁለተኛው መስመር ኮኔክሽን የሚጠበቅበትን ጊዜ ይወስናል። ሂካሪ ምንም ካልነካነው 30 ሰከንድ ያስጠብቃል። 30 ሰከንድ የሚጠብቅ ተጠቃሚ የለም፤ ገጹን ዘግቶ ሄዷል ወይም ደጋግሞ ጠቅ አድርጎ ጥያቄውን አምስት አድርጎታል። በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልተገኘ በግልጽ መውደቅ ይሻላል።

ከዚያ የማባዛቱን ስሌት እንደገና ሠራን፤ በዚህኛው ጊዜ ግን መጥፎውን ቀን አስበን። በራሱ ሲጨምር የሚደርስበትን ጣሪያ ከ20 ወደ 15 አወረድነው። ዲፕሎይ ሲደረግ ለጊዜው ሩብ ያህል ተጨማሪ ይነሳል፤ 15 ላይ 4 ተጨማሪ ማለት ነው። 19 በ4 ሲባዛ 76። ከ97 ሲቀነስ 21 ይቀራል፤ ለሪፖርቱ ሥራ፣ ለሰው፣ ለመውረድ ጊዜ ለሚወስዱ አሮጌ ኢንስታንሶች። የሚቆጠረው የሰላሙ ቀን ብዛት አይደለም፤ ጣሪያው ላይ እያለን ዲፕሎይ የምናደርግበት ቀን ነው።

በፓይተን የምትሠሩ አንድ ነገር ጨምሩ። ጉኒኮርን በአንድ ኢንስታንስ ውስጥ ብዙ ወርከር ፕሮሰሶችን ያስነሳል። እያንዳንዱ ወርከር የራሱ ፑል አለው። ኤስኪውኤል አልኬሚ ምንም ካልነካነው 5 ይይዛል፤ ሲጨናነቅ እስከ 10 ተጨማሪ ይከፍታል፤ ድምሩ 15። ወርከሮቹ 4 ከሆኑና በቂ ትሬድ ካላቸው አንዱ ኢንስታንስ ብቻውን 60 ሊደርስ ይችላል። ሁለት ኢንስታንስ ከ97 አለፈ። ብዙ ሰው ኢንስታንስ ብቻ ቆጥሮ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጎ ተጠቃሚዎች ደግሞ `SetMaxOpenConns` የሚለውን ካልሞሉ ገደብ የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም።

ኢንስታንስ ራሱ እየጨመረ የሚሄድበት አሠራር የራሱ ወጥመድ አለው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎች ምላሽ ሲዘገይ ኢንስታንስ እንዲጨምር ያደርጋሉ። ምላሹ የዘገየው አፕሊኬሽኑ ተጨናንቆ ከሆነ ልክ ነው። የዘገየው ዳታቤዙ ከሆነስ? ኢንስታንስ ይጨምራል፤ ኮኔክሽን ይጨምራል፤ ዳታቤዙ የበለጠ ይዘገያል፤ ምላሽ ይዘገያል፤ ኢንስታንስ ይጨምራል። ለማወቅ ሁለት ነገር ጎን ለጎን እዩ። አንዱ የኢንስታንሶቹ ሲፒዩ ነው፤ ሌላው `pg_stat_activity` ላይ ያለው የ`active` ብዛት። የአፕሊኬሽኑ ሲፒዩ ዝቅ ብሎ `active` ከኮሮቹ ብዛት እጅግ በልጦ ከታየ አዲስ ኢንስታንስ የሚያግዝ አይደለም፤ የሚያባብስ ነው።

የእኛ ቁጥር ለጥቂት ወራት በቃን። በኋላ ሌሎች ሁለት አገልግሎቶች በዚያው ዳታቤዝ ላይ መጡ። የእያንዳንዱን ፑል መቀነስ የሚቻልበት ወለል አለ፤ ከ2 በታች ማውረድ ያስቸግራል። 40 ኢንስታንስ በ2 ራሱ 80 ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ሁሉም የሚጋሩት ፑል ነው፤ አፕሊኬሽኖቹና ዳታቤዙ መሃል የሚቀመጥ። ለፖስትግሬስ የተለመደው ፒጂባውንሰር ነው።

```ini
[databases]
shop = host=10.0.0.5 port=5432 dbname=shop

[pgbouncer]
listen_addr = *
listen_port = 6432
auth_file = /etc/pgbouncer/userlist.txt
pool_mode = transaction
max_client_conn = 500
default_pool_size = 20
```

አፕሊኬሽኖቹ ከ5432 ይልቅ ወደ 6432 ይገናኛሉ። ፒጂባውንሰር እስከ 500 ድረስ ይቀበላቸዋል፤ ለእሱ አንድ የተቀበለው ኮኔክሽን ፕሮሰስ ስላልሆነ በጣም ርካሽ ነው። ወደ ዳታቤዙ የሚከፍተው ግን 20 ብቻ ነው። ቁልፉ `transaction` የሚለው ቃል ነው። አንድ ደንበኛ እውነተኛ ኮኔክሽን የሚያገኘው ትራንዛክሽን ሲጀምር ነው፤ ሲጨርስ ወዲያው ይወሰድበትና ለሌላ ይሰጣል። ያየናቸው 88 ሥራ ፈቶች እዚህ ላይ ምንም ቦታ አይዙም። ይህን ካልሞላችሁ ግን ነባሪው `session` ነው። በእሱ ደንበኛው እስኪወጣ ድረስ ኮኔክሽኑን ይዞ ይቆያል። ፑላቸው ኮኔክሽን የማይለቅ አፕሊኬሽኖች ላይ ይህ ከመጀመሪያው ምንም አይሻልም።

የሚከፈልበት ነገርም አለ። ከትራንዛክሽን ትራንዛክሽን ኮኔክሽኑ ስለሚቀያየር፣ ኮኔክሽኑ ላይ የተተወ ነገር ሁሉ አይታመንም። በ`SET` የተቀየረ ቅንብር ለሌላ ደንበኛ ሊተርፍ ይችላል። `LISTEN` አይሠራም። ለኮኔክሽኑ ዕድሜ የሚያዝ አድቫይዘሪ ሎክ ሌላ ሰው እጅ ላይ ይቀራል። ድራይቨሩ በፕሮቶኮሉ በኩል ቀድሞ የሚያዘጋጃቸው ኩዌሪዎች ላይ የነበረው ችግር ከ1.21 ቨርዥን ጀምሮ ተፈትቷል፤ `max_prepared_statements` ከዜሮ በላይ መሆኑን ግን አረጋግጡ። እኛን የያዘን `SET` ነበር። አንዱ ሥራ `statement_timeout`ን በ`SET` ያሳጥር ነበርና በዚያው ስም የሚገባው የሌላ ሥራ ሪፖርት በመሃል ተቋረጠ። ወደ `SET LOCAL` ቀየርነው፤ እሱ ከትራንዛክሽኑ ጋር ያበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ያንኑ ስህተት ደግመን ልንሠራው ነበርና። መጀመሪያ ያሰብነው ፒጂባውንሰርን በእያንዳንዱ ኢንስታንስ ጎን ለማስቀመጥ ነበር። ለአፕሊኬሽኑ ቅርብ ነው፤ ለማስተዳደርም ይመቻል። ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ባልደረባዬ ዲዛይኑን አይቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ "ሃያውን በስንት ልታባዛው ነው?" በ15 ኢንስታንስ 300 ይሆናል። ፒጂባውንሰሩም እንደ ማንኛውም ፑል የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ብቻ አደረግናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲኖር፣ ከሁሉም ኢንስታንሶች ውጭ። `default_pool_size` የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ የተጠቃሚና የዳታቤዝ ጥንድ በመሆኑ ሦስቱ አገልግሎቶች በሦስት ስም ቢገቡ 20ው በሦስት ይባዛል። ያንን ቆጥረን ለእያንዳንዱ ወደ 10 አወረድነው። 2 ፒጂባውንሰር፣ 3 ተጠቃሚ፣ 10 ኮኔክሽን፤ ድምሩ 60።

አሁን ጠዋት ጠዋት የማየው `SHOW POOLS` ላይ ያለውን `cl_waiting` ነው። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞችን ብዛት ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ነው። ለትንሽ ጊዜ ከፍ ብሎ ቢወርድ አይገርመኝም። ከፍ ብሎ ከቆየ ግን የፑሉን መጠን ከመንካቴ በፊት የትኛው ትራንዛክሽን ኮኔክሽን ይዞ እንደቆየ እፈልጋለሁ።